ለማን? ስንት? ደረሰ ወይ? ዓይነ ስውር ገበያተኛና የሚናገረው ስልክ

ፍኖተ ሰላም ከተማ የሚያስተምር አንድ የልጅነት ጓደኛ አለኝ። አብረን ያደግነው ቡሬ ሲሆን፣ እሱ የዓይኑን ብርሃን ያጣው ገና ፊደል ሳይቆጥር ነው። ስሙ በጋዜጣ እንዲወጣ ስላልፈለገ እኔም እንደ ሰፈሩ ሰው “መምህር” እያልኩ እቀጥላለሁ። መምህር ገበያ ሲወጣ ለዓመታት የተጠቀመበት ዘዴ ቀላል ነበር። ባለመቶውን ኖት ለሁለት፣ ባለሃምሳውን ለሦስት ያጥፋል፤ ባለአስሩን ሳያጥፍ በሌላ ኪስ ይይዛል። ግራ የገባው ዕለት ደግሞ ቦርሳውን ከፍቶ ለባለሱቁ ይሰጣል። ባለሱቁም ሒሳቡን አንስቶ ይመልስለታል። “ቢከፋ ቢከፋ የሚጠፋው ቦርሳው ውስጥ ያለው ነው” ይለኝ ነበር።

ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ባንኮችም የሞባይል አገልግሎታቸውን ሲያስፋፉ፣ የገበያው ቋንቋ ተለወጠ። ዛሬ ባለሱቁ “ዝርዝር የለኝም፣ በስልክ ላክልኝ” ይላል። መምህርም ላከ። አላላኩ ግን እንዲህ ነበር፦ ስልኩን ለሱቁ ልጅ ይሰጣል፣ የሚስጥር ቁጥሩን በጆሮው ይነግረዋል፣ ልጁ ይከፍልለታል። ከዕለታት አንድ ቀን የ140 ብር ዕቃ ገዝቶ የወጣበት 1,400 ብር ሆኖ ተገኘ። ይህን ያወቀው በሦስተኛው ቀን ሴት ልጁ መልእክቶቹን ስታነብለት ነው። ባለሱቁ “ዜሮ ተጨምሮ ነው፣ ስህተት ነው” ብሎ ገንዘቡን መልሷል። ስህተትም ሊሆን ይችላል። የመምህር ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ቦርሳውን ሲሰጥ አሳልፎ የሚሰጠው የዕለት ገንዘቡን ነበር። ስልኩን ከነሚስጥር ቁጥሩ ሲሰጥ ግን አሳልፎ የሚሰጠው የወር ደመወዙን በሙሉ፣ ነገም ተመልሶ ሊከፈት የሚችል በር ጨምሮ ነው።

ስለ ዲጂታል ክፍያ የሚነገረን ሁሉ ይህን አንድ ነጥብ ይዘለዋል። ጥሬ ገንዘብ በእጅ ይዳሰሳል፤ መስታወት ላይ የተጻፈ ቁጥር አይዳሰስም። ስለዚህ ድምፅ የሌለው የክፍያ ስልክ ለዓይነ ስውር ሰው ከጥሬ ገንዘብ የባሰ ነው እንጂ የተሻለ አይደለም። ድምፅ ያለውስ? እሱ የሚመዘነው በሦስት ጥያቄዎች ነው። ከፋዩ የሚስጥር ቁጥሩን ከማስገባቱ በፊት ገንዘቡ ለማን እንደሚሄድና ስንት እንደሆነ፣ ካስገባ በኋላ ደግሞ መድረሱን፣ ያለ አስነባቢ በራሱ ጆሮ ይሰማል ወይ? ሦስቱን ካሰማ ከፋዩ ራሱ ከፍሏል ማለት ነው። አንዱ ከጎደለ ግን የከፈለው በእምነት ነው።

አንድ ግዢ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

ባለፈው ጉዞዬ ከመምህር ጋር ወደ አንድ ሱቅ ገባሁ። አሁን ስልኩን ለማንም አይሰጥም። ስልኩ አንድሮይድ ነው። ቶክባክ የሚባለው ስክሪን የሚያነብ ሶፍትዌር ከስልኩ ጋር አብሮ የሚመጣ በመሆኑ ተጨማሪ ክፍያ አልጠየቀውም። የአይፎን ተጠቃሚዎች ተመሳሳዩን ቮይስኦቨር በሚል ስም ያገኙታል። ቶክባክ ሲበራ ስልኩ ጠባዩን ይለውጣል። ጣት ስክሪኑን ሲነካ የነካው ነገር አይከፈትም፤ ስሙ ይነበባል። የሚከፈተው ሁለቴ ሲመታ ነው። ጣትን ወደ ቀኝ ጠረግ ማድረግ ወደሚቀጥለው ጽሑፍ ወይም ቁልፍ ያሻግራል።

“እትዬ፣ ሒሳቤ ስንት ሆነ?” አላት ባለሱቋን።

“ስድስት መቶ አርባ ብር፣ መምህር። ወረቀቱ ፊት ለፊትዎ፣ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል።”

በአንድ ጆሮው ማዳመጫ አድርጓል፤ ሌላውን ለባለሱቋ ትቶታል። የክፍያ አፑን ከፍቶ ጣቱን እየጠረገ “ስካን” የሚለው እስኪነበብ ሄደና ሁለቴ መታው። ካሜራው ተከፈተ። ዓይነ ስውር ሰው ካሜራ እንዴት ያነጣጥራል ለሚለው መልሱ ይህ ነው፦ በግራ እጁ የወረቀቱን ጠርዞች ዳሰሰ። ስልኩን የወረቀቱ መሐል ላይ አስተኝቶ አስነካው። ከዚያም ሳያጋድል ቀስ እያለ ወደ ራሱ ሳበው። አንድ ስንዝር ያህል ሲርቅ ስልኩ ነዘረ። ኮዱን ለማንበብ የሚጫኑት ቁልፍ የለም፤ ካሜራው ሙሉውን ካሬ ባየበት ቅጽበት ራሱ ያነበዋል። ካልነዘረ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከሦስት አንዱ ነው፦ ስልኩ አጋድሏል፣ ሱቁ ጨለማ ነው፣ ወይም ወረቀቱን የሸፈነው ላስቲክ ብርሃን ያንጸባርቃል።

ከንዝረቱ ቀጥሎ የባለሱቋ ስም ተነበበ። ይህ “ለማን” የሚለው ጥያቄ ነው። በዓለም ላይ ለክፍያ ኮዶች የሚያገለግለው የኢኤምቪ መስፈርት የነጋዴውን ስምና ከተማ ኮዱ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ስሙ እስከ 25 ፊደል ይይዛል። ኮዱ መጨረሻ ላይ ደግሞ አራት ሆሄ ያለው ማረጋገጫ አለ። ኮዱ ተቀዳዶ ወይም ቆሽሾ በስህተት ከተነበበ ይህ ማረጋገጫ አይገጥምም፤ አፑም አልቀበልም ይላል። አንድ ነገር ግን አይከላከልም። አጭበርባሪ የራሱን ኮድ አትሞ በባለሱቋ ኮድ ላይ ቢለጥፍ ኮዱ ትክክለኛ ነው፤ የተሳሳተው ባለቤቱ ነው። ዓይናማው ከፋይ ብዙ ጊዜ ስሙን ሳያነብ ያልፋል። መምህር ግን ስሙን ሳይሰማ አያልፍም፤ ጣቱም በወረቀት ላይ የተደረበ ወረቀትን ቶሎ ያውቃል።

ቀጥሎ 640 ብሎ ጻፈ። ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ተነበቡለት። “ቀጥል” የሚለውን ሁለቴ ሲመታ የማረጋገጫው ገጽ መጣ፤ እዚያም ጣቱን ከላይ እስከ ታች ጠርጎ ስምና መጠኑን እንደገና ሰማ። የሚስጥር ቁጥሩን ያስገባው ከዚህ በኋላ ነው። በመጨረሻም የመልእክቱን ድምፅ ጠብቆ፣ መጀመሪያ የላኪውን ማንነት፣ ቀጥሎ የወጣውንና የቀረውን ሒሳብ አዳመጠ። ላኪውን ማዳመጥ ከንቱ ጥንቃቄ አይደለም። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው። ያንኑ ቃል አስመስሎ ከተራ ስልክ ቁጥር የሚመጣ መልእክት ሐሰተኛ ነው። ቶክባክ ደግሞ መልእክቱን ሲያነብ ከላኪው ይጀምራል።

ሁሉም ነገር ሁለት ደቂቃ ያህል ወሰደ። ከእኛ ኋላ የነበሩት ሰዎች አላጉረመረሙም፤ መምህር ግን አላበው። “የሚያስቸግረኝ ስልኩ አይደለም፣ ከኋላዬ የቆመው ሰው ነው” አለኝ ስንወጣ።

ዝም የሚለው ጽሑፍ

ይህን ሁሉ የሚያበላሹ ጥቃቅን የሚመስሉ ጉድለቶች አሉ። የመጀመሪያው የቋንቋ ነው። ቶክባክ ጽሑፉን የሚያነበው ስልኩ ላይ በተጫነ የድምፅ ሞተር ነው። ሞተሩ የግዕዝ ፊደል የማያውቅ ከሆነ አማርኛውን ዘሎ ቁጥሮቹን ብቻ ያነባል። “ለእገሊት የሸቀጥ መደብር 640 ብር ሊከፍሉ ነው” የሚለው ዓረፍተ ነገር በጆሮ “640” ብቻ ሆኖ ይደርሳል። ስንት የሚለው ተመለሰ፤ ለማን የሚለው ዝም ተባለ። ኢስፒክ የሚባለው ነጻ የድምፅ ሞተር አማርኛ ያነባል። ድምፁ የቆርቆሮ ድምፅ ነው፤ ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ስለማይለይም “ገና” ብሎ ሲያነብ በዓሉን ይሁን ጊዜውን አያሳውቅም። ሆኖም ስም ለመስማት ይበቃል። ብዙዎች ግን ይህን ስለማያውቁ አፑን ወደ እንግሊዝኛ ቀይረው ይጠቀማሉ። እንግሊዝኛ የማያውቀው ደግሞ ይቀራል።

ሁለተኛው ስም የሌለው ቁልፍ ነው። ፕሮግራመሩ የቁልፉን ሥዕል ሠርቶ፣ በውስጡ መጻፍ ያለበትን አንድ ቃል ሳይጽፍ ሲቀር ቶክባክ የሚያነበው ስም ያጣል፤ “ቁልፍ” ብሎ ያልፋል። መምህር ቀደም ሲል ይጠቀምበት የነበረ አንድ አፕ የመጀመሪያ ገጹ ላይ እንዲህ ያሉ አምስት “ቁልፍ”፣ “ቁልፍ” የሚሉ ነበሩት። እሱ ሦስተኛው ስካን መሆኑን በቃሉ ያዘ። አፑ የታደሰ ዕለት ሦስተኛው ሌላ ሆነ።

ሦስተኛው የሚስጥር ቁጥር ሰሌዳ ነው። አንዳንድ አፖች ለደኅንነት ሲሉ የቁጥሮቹን ቦታ በየጊዜው ያቀያይራሉ። ቁጥሮቹ የሚነበቡ ከሆነ ችግር የለውም፤ ማዳመጫ እስካለ ድረስ። የማይነበቡ ከሆነ ግን በሩ እዚያው ላይ ተዘጋ፤ ስልኩም ተመልሶ ወደ ሱቁ ልጅ እጅ ይሄዳል።

አንባቢ ይህን ራሱ ሊፈትነው ይችላል። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች የድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ ቁልፎችን በአንድነት ሦስት ሰኮንድ ያህል መያዝ ቶክባክን ያበራል፤ ያጠፋዋልም። ዓይንዎን ጨፍነው ለቤተሰብዎ አሥር ብር ለመላክ ይሞክሩ። የት ላይ ዓይንዎን እንደገለጡ ልብ ይበሉ። ባንኩ ወይም ኩባንያው ማስተካከል ያለበት ያንን ቦታ ነው።

ማስነካት ወይስ ስካን?

በውጭው ዓለም ካርድን ወይም ስልክን ከመክፈያው ማሽን አስነክቶ መክፈል ለዓይነ ስውራን ምቹ ነው ይባላል። ለእጅ ምቹ መሆኑ እውነት ነው። ማነጣጠር የለበትም፤ ስልኩ ከማሽኑ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ሲቀርብ ይበቃዋል። ለጆሮ ግን ደካማው መንገድ እሱ ነው። መጠኑን የሚጽፈው ነጋዴው ነው፤ የሚታየውም በነጋዴው ማሽን ላይ ነው። ማሽኑ ካልተናገረ ከፋዩ ስንት እንዳጸደቀ የሚያውቀው ገንዘቡ ከሄደ በኋላ፣ መልእክቱ ሲመጣ ነው። ወረቀት ላይ የተለጠፈ ኮድ ስካን ሲደረግ ግን መጠኑን የሚጽፈው ከፋዩ ራሱ ነው። አሠራሩ ይረዝማል፤ ሥልጣኑ ግን ከእጁ አይወጣም።

ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ውስጥ ይህ ምርጫ ገና ክርክር ሆኖ አልመጣም። የሚነካ ማሽን ያለው ሱቅ መፈለግ አድካሚ ነው፤ በርካሽ ስልኮች ላይም ለማስነካት የሚያስፈልገው ክፍል ብዙ ጊዜ አይኖርም። በርካታ ሱቆች የነጋዴ ኮድ እንኳ የላቸውም፤ የግል ስልክ ቁጥራቸውን ካርቶን ላይ ጽፈው ይለጥፋሉ። ለመምህር ይህ ከሁሉ የከፋው ነው። ካርቶን ላይ የተጻፈ ቁጥር አይነበብለትም፤ በቃል ሲነገረው አንድ ቁጥር ቢሳሳት ገንዘቡ ለማያውቀው ሰው ይሄዳል። እሱ የሚጠቀምበት መከላከያ አንድ ነው፦ ቁጥሩን ካስገባ በኋላ የሚነበበውን ስም ጮክ ብሎ ይደግምና “እርስዎ ነዎት?” ብሎ ይጠይቃል።

ማሽኖቹ ሲመጡ ግን ከነድምፃቸው ቢመጡ ይሻላል። ህንድ ውስጥ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በየሱቁ የሚቀመጥ፣ የራሱ ሲም ካርድ ያለው ትንሽ የድምፅ ሣጥን ተስፋፍቷል። ክፍያ በደረሰ ቁጥር ይህን ያህል ሩፒ ደርሷል ብሎ ይጮኻል። የተሠራው ነጋዴው በሐሰተኛ ፎቶ እንዳይታለል ነው። ለዓይነ ስውሩ ገዢም ለዓይነ ስውሩ ነጋዴም እኩል መጥቀሙ ማንም ያላሰበው ትርፍ ሆነ።

ኔትወርክ ሲጠፋ

እስካሁን ያልኩት ሁሉ በኢንተርኔት ላይ የቆመ ነው። በአማራ ክልል ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ግጭቱ ክፉኛ በነካው ምዕራብ ጎጃም ለረጅም ወራት ስካን የሚባል ነገር አልነበረም። መምህርም እንደ ሁሉም ሰው ስልክ በተሠራበት ቀን ወደ *127# ተመለሰ። ይህ አጭር ቁጥር ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ቶክባክም የሚመጣውን ዝርዝር ያነበዋል። ግን ሁለት ነገር ይጎድለዋል።

አንደኛ፣ ዝርዝሩ ጊዜ አለው። ዓይናማው በአንድ እይታ የሚያልፈውን ሰባት መስመር ቶክባክ እስከ መጨረሻው አንብቦ ሳይጨርስ መስኮቱ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ መምህር የቁጥሮቹን ቅደም ተከተል እንደ ዳዊት በቃሉ አጠና። ሁለተኛ፣ በዚህ መስኮት የሚጻፍ የሚስጥር ቁጥር በኮከብ አይሸፈንም፤ እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ይታያል፣ ጮክ ብሎም ይነበባል። ማዳመጫውን የረሳ ዕለት የሚስጥር ቁጥሩን ሱቁ ሁሉ ይሰማል።

ከከተማ ወጥቶ ወደ ጃቢ ጠህናን ወይም ወደ ወምበርማ ገጠር ለሚዘልቅ ሰው ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን አሳይቷል። ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ ሲሆን፣ በሁለተኛ ደረጃ ተጠቃሽ የሆነው ትራኮማ ነው። ሁለቱም በዕድሜ የገፉትን ይበልጥ ያጠቃሉ፤ ትራኮማ ደግሞ እናቶችን። እንግዲህ የገጠሩ ዓይነ ስውር በብዛት እንደ መምህር በብሬል የተማረ ሰው ሳይሆን፣ ማንበብ ያልተማሩ፣ በእጃቸው ያለው ባለ ቁልፍ ስልክ የሆነ እናት ናቸው። ባለ ቁልፍ ስልክ አምስት ቁጥሩ ላይ ጉብታ ስላለው መደወል ያስችላል፤ መልእክት ግን አያነብም። ለእኚህ እናት የሚያስፈልገው ስካን የሚያደርግ አፕ አይደለም። ደውለው በአማርኛ “640 ብር ለእገሊት ልከዋል፣ ቀሪዎ ይህን ያህል ነው” የሚል የተቀዳ ድምፅ የሚሰሙበት መስመር ነው። ይህ ደግሞ አዲስ ፈጠራ አይጠይቅም፤ ቀሪ የአየር ሰዓትን በድምፅ መንገር ከቻልን ቆይተናል።

ፊርማውና ምስክሩ

ከስልኩ በፊትም አንድ በር አለ። መምህር የሞባይል አገልግሎቱን ሊያስከፍት ወደ አንድ ባንክ ቅርንጫፍ ሲሄድ ምስክር ይዞ እንዲመጣ ተጠየቀ። ባንኩን ብቻ መውቀስ አይገባም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728 ንዑስ ቁጥር 3 የዓይነ ስውር ወይም ማንበብ የማይችል ሰው ፊርማ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ እንደማያስገድደው ይደነግጋል። ድንጋጌው የታሰበው ዓይነ ስውሩን ያልሰማውን እንዳይፈርም ለመጠበቅ ነው። ኢትዮጵያ ግን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት አጽድቃለች። ያ ስምምነት አካል ጉዳተኞች የገንዘባቸው አዛዥ ራሳቸው እንዲሆኑ ያስገድዳል። የውሉን ቃል በራሱ ጆሮ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሰማ ሰው ከምን ነው የሚጠበቀው? የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሚያዝያ 2017 ዓ.ም. በሰጠው ፍርድ የባንክ ደንበኝነት ማረጋገጫ ዓይነ ስውራን ሊያልፉት በሚችሉት መንገድ እንዲሠራ አዟል። ካሜራ ፊት “ዓይንዎን ያርገብግቡ” የሚለው ትእዛዝ ለክርክሩ መነሻ ከሆኑት አንዱ ነበር።

የእኛ ክርክር ከዚህ ያነሰ ወጪ የሚጠይቅ ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ ስም ይኑረው። የነጋዴው ስም በአማርኛም በላቲንም ይቀመጥ፤ የኢኤምቪ መስፈርት ለሁለተኛ ቋንቋ ቦታ አዘጋጅቷል። በአጭር ቁጥሩ መስኮት የሚሰጠው ጊዜ ይርዘም። አፕ ሲታደስ ለሕዝብ ከመለቀቁ በፊት ዓይነ ስውራን ራሳቸው ይፈትኑት፤ የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር አባላት ለዚህ ሩቅ አይደሉም።

ከሱቁ ስንወጣ መምህርን አንድ ነገር ጠየቅሁት። የ1,400 ብሩን ልጅ አሁንም ታምነዋለህ? ትንሽ አሰበና፣ “አሁንማ አምነዋለሁ” አለኝ። “ያኔ እኮ ባላምነውም መክፈል ነበረብኝ።”